ሃያ አንድ ዓመት ሠርቶ ባዶ እጅ፦ በሁለት አገር የተከፈለ የጡረታ መዋጮ እንዴት ይደመራል?

(በፍራንክፈርት ከተማ በተደረገ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ለአንባቢ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ተስተካክሏል።)



በዚህ አዳራሽ ከዚህ በፊት የተናገሩት ስለ አገር ጉዳይ የሚያውቁ፣ ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች ናቸው። እኔ የማወራችሁ ስለ ወረቀት ነው። የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ሲሆን፣ ሰዎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣላቸውን ደብዳቤ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ እኔም ወደ አማርኛ እመልስላቸዋለሁ። ድሮ የሚመጣልኝ የጥገኝነት ውሳኔ ነበር። ዛሬ ከግማሽ በላዩ የጡረታ ደብዳቤ ነው። አርጅተናል ማለት ነው፤ ምን ይደረግ።

ዛሬ ስለ አንድ ሰው ጉዳይ ልነግራችሁ ነው። ፈቅደውልኛል፣ ስማቸውን ግን አልጠራም። «ጋሼ» እያልኩ ልቀጥል፤ በእርግጥም ጋሼዬ ናቸው።

ጋሼ አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት አስተምረው በደርግ መጨረሻ በሱዳን በኩል ወጡ። እዚህ ጀርመን ገብተው የሥራ ፈቃድ ካገኙ በኋላ፣ ከጥር 1992 እስከ ታኅሣሥ 1995 ድረስ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው) በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሠሩ። አራት ዓመት፣ ማለትም 48 ወር መሆኑ ነው። ከዚያ ዲቪ ደረሳቸውና ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። እዚያ ከ1997 እስከ 2004 ድረስ ስምንት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው ሠሩ፤ ዜግነትም አገኙ። በ2005 እናታቸው ሲታመሙ ጠቅልለው ወደ አገር ቤት ገቡና ትንሽ ሱቅ ከፈቱ።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ዛሬ ባለው የኢትዮጵያ የጡረታ ሕግ ዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ጋሼ 9 አላቸው። በጀርመን ሕግ ለመደበኛው የእርጅና ጡረታ ቢያንስ 60 ወር መዋጮ ያስፈልጋል፤ ጋሼ 48 አላቸው። በአሜሪካ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝምና አሥር ዓመት ማለት ነው፤ ጋሼ 32 አላቸው። በሦስት አገር በድምሩ 21 ዓመት መዋጮ እየተቆረጠባቸው ሠርተው፣ ከሦስቱም በጥቂት ጎደለባቸው። ሦስት በር አንኳኩተው ከሦስቱም ደጃፍ ላይ የቀሩ ሰው ናቸው።

በ2024 መጀመሪያ ላይ ልጃቸውን ለመጠየቅ ሜሪላንድ መጥተው ሳለ፣ ልጅቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የአሜሪካን ጡረታ አመለከተችላቸው። ብዙም ሳይቆይ መልሱ መጣ፤ «40 ክሬዲት ያስፈልግዎታል፣ ያለዎት 32 ነው፣ አይገባዎትም» የሚል። ጋሼ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «የእኔ ነገር እንዲሁ ነው» ብለው ተቀመጡ። ደብዳቤውን ያሳዩኝ እኔ ለሌላ ጉዳይ ስደውል ነው። «ጋሼ፣ ጀርመን መሥራትዎን ጽፈዋል?» አልኳቸው። «ለአሜሪካ ስለ ጀርመን ምን አገባው?» አሉኝ።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። መሥሪያ ቤቱ አልተሳሳተም። የተጠየቀው በአሜሪካ መዋጮ ብቻ ይከፈለኝ ተብሎ ነው፣ የመለሰውም ለዚያው ነው። ጀርመንና አሜሪካ ግን ከታኅሣሥ 1979 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት አላቸው። በዚህ ስምምነት በአንዱ አገር የጎደለውን ጊዜ በሌላው አገር በተሠራው መሙላት ይቻላል። መደመር ማለት ይሄ ነው፤ (ሳቅ) ፖለቲካ እንዳትሉብኝ፣ ይኼኛው መደመር በርግጥ የሚደመር ነገር አለው።

ነገር ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይለይልን። ብዙ ሰው የሚያስበው ጀርመን የተቆረጠበትን ገንዘብ ወደ አሜሪካ ልኮ እዚያ አንድ ላይ እንደሚከፈለው ነው። እንደዚያ አይደለም። አንዲት ሳንቲም ካንዱ አገር ካዝና ወደ ሌላው አትሻገርም። የሚሻገረው ጊዜው ብቻ ነው፤ እሱም በር ለመክፈት ያህል። በሩ ከተከፈተ በኋላ እያንዳንዱ አገር የሚከፍለው እሱ ዘንድ ለተሠራው ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ውሳኔው ግን ሁለት፣ ደብዳቤው ሁለት፣ ገንዘቡም ሁለት ነው።

በጋሼ ጉዳይ ላይ እንየው። አሜሪካ የጀርመንን ሦስት ወር እንደ አንድ ክሬዲት ትቆጥራለች። 48 ወር 16 ክሬዲት ይሆናል። 32 እና 16፣ 48። ከ40 አለፈ፤ የአሜሪካ በር ተከፈተ። ጀርመን ደግሞ በተራዋ አንዱን የአሜሪካ ክሬዲት እንደ ሦስት ወር ትቆጥራለች። 32 ክሬዲት 96 ወር ነው። 48 ሲጨመርበት 144 ወር። ከ60 አለፈ፤ የጀርመንም በር ተከፈተ። ሁለቱ አገር ውስጥ በአንድ ጊዜ የተመዘገበ ጊዜ ካለ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም፣ የጋሼ ግን አይነካካም። ደግሞ ዝቅተኛ መነሻ አለ፦ አሜሪካ በስምምነቱ እንድትከፍል ቢያንስ 6 የራሷ ክሬዲት፣ ጀርመን እንድትከፍል ቢያንስ 18 የራሷ ወር ሊኖር ይገባል። ከዚያ በታች የሠራ ሰው ከዚያ አገር ገንዘብ አያገኝም፤ ጊዜው ግን ለሌላው አገር ማሟያ ሊሆነው ይችላል።

አሁን ስንት? አሜሪካ የምታሰላው እንዲህ ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አሜሪካ ቢሠራና ያገኝ በነበረው የደመወዝ ደረጃ ቢቀጥል ኖሮ ጡረታው ስንት ይሆን ነበር ብላ አንድ የምናብ ጡረታ ታወጣለች። የዛሬ ጡረተኛ የሚሰላው በ35 ዓመት፣ ማለትም በ140 ሩብ ዓመት ነው። የምናቡን ጡረታ ለ140 ታካፍልና በራሷ ክሬዲት ታባዛለች። የጋሼን ቁጥር ለምሳሌ ያህል 1,400 ዶላር እንበለው። ለ140 ሲካፈል 10፣ በ32 ሲባዛ 320 ዶላር በወር። ጎበዝ፣ 320 ዶላር ሜሪላንድ ላይ ምንም አይደለም። አገር ቤት ላለ ሽማግሌ ግን የመድኃኒትና የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው።

የጀርመኑን ከማስላታችን በፊት ግን ጋሼን ሊያደናቅፍ የነበረውን ነገር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የእኛ የሐበሾች ችግር ነው፣ ሌላ ሕዝብ ይህን ያህል አያውቀውም። የስምና የልደት ቀን ነገር።

ጋሼ ሜሪላንድ ከነበረው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄደው፣ ኤስ ኤስ ኤ 2490 የተባለውን ለስምምነት ጉዳይ ብቻ የተዘጋጀ ማመልከቻ ሞሉ። ይህ የሆነው በመስከረም 2024 ነው። ማመልከቻው የውጭ አገር የዋስትና ቁጥር ይጠይቃል። ጋሼ ቁጥሩን አያስታውሱም። ስማቸውንና የልደት ቀናቸውን ብቻ ጽፈው ቢልኩ ኖሮ ከጀርመን የሚመጣው መልስ «እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም» እንደሚሆን አልጠራጠርም። ለምን? አሜሪካ ሲገቡ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈው የአያታቸው ስም ነው። ጀርመን ግን የተጻፈው የአባታቸው ስም ነበር። የልደት ቀናቸውም የተለያየ ነው። ጋሼ የተወለዱት በጥር 1950 ዓመተ ምሕረት ነው፤ በፈረንጅ ጥር 1958 ማለት ነው። አሜሪካ ሲገቡ በትክክል ተለውጦ ተጻፈ። ጀርመን ሲገቡ ግን ስደተኛው «ሃምሳ» ሲል አስተርጓሚው 1950 ብሎ አለፈው፣ ቀኑም በዘልማድ ጥር 1 ሆነ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በጥር 1 የተወለደ እጁን ያንሣ ብል ግማሾቻችን እናነሣለን። (ሳቅ)

ልጃቸው አገር ቤት ደውላ የድሮ ሻንጣቸው ተፈለገ፤ ደግነቱ የደመወዝ ወረቀት ተገኘ። እዚያ ላይ የጀርመን የጡረታ ዋስትና ቁጥር አለ። ይህን ቁጥር ማንበብ ልመዱ፣ ብዙ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ቁጥሩን የሰጠውን መሥሪያ ቤት ያመለክታሉ። ቀጥለው የሚመጡት ስድስት አኃዞች የልደት ቀን ናቸው፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ከዚያ አንድ የላቲን ፊደል አለች፤ ያቺ ስትወለዱ የነበራችሁ የቤተሰብ ስም መጀመሪያ ናት። ጋሼ ላይ 010150 ይላል፣ ፊደሉም የአባታቸው ስም መነሻ ነው። በአንድ ቁጥር ጀርመን ማን ብሎ እንደሚያውቃቸውና መቼ ተወለዱ እንደሚል ታወቀ። እኔም «ጋሼ፣ ሁለቱንም ስም፣ ሁለቱንም የልደት ቀን ጻፉ፣ የመጣውም ከዘመን አቆጣጠር መሆኑን በአንድ ገጽ አስረዱ። አንዱን ደብቀው አንዱን ማቅረብ ሁለቱንም ያስጠረጥራል» አልኳቸው። እንደዚያው አደረጉ።

አሜሪካ የራሷን 1958 ያዘች። ጀርመን ደግሞ 1950 ላይ ጸናች። ይህ የሹሞች ግትርነት እንዳይመስላችሁ፤ ሕግ ነው። በጀርመን ሕግ ለማኅበራዊ ዋስትና የሚያገለግለው የልደት ቀን ሰውየው መጀመሪያ የተናገረው ነው። የሚለወጠውም የጽሕፈት ስሕተት መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ወይም ያ ቃል ከመሰጠቱ በፊት የተጻፈ ዋና ሰነድ ሌላ ቀን ሲያሳይ ብቻ ነው። ዛሬ ከቀበሌ የሚወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ለዚህ አይረዳም፤ ያኔ ከነበረ የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት ወረቀት ግን ሊረዳ ይችላል። ጋሼ እንዲህ ያለ የቆየ ወረቀት አልነበራቸውም።

ስለዚህ በጀርመን ዓይን ጋሼ በስምንት ዓመት ሸምግለው ተገኙ። በ1950 የተወለደ ሰው መደበኛ የጡረታ ዕድሜው 65 ዓመት ከአራት ወር ነው፤ በመዝገባቸው መሠረት ከግንቦት 2015 ጀምሮ ሊያገኙ ይችሉ ነበር። አላመለከቱም። ጀርመን ደግሞ ሳያመለክቱ ያለፈውን ወደ ኋላ አትከፍልም፤ ጊዜው በደረሰ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ክፍያው ከማመልከቻው ወር ይጀምራል። ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር፣ 112 ወር ሙሉ የጡረታ አበል ቀረ። አንድ ማካካሻ አለ፦ ጡረታውን ሳይወስድ ለዘገየ ሰው በወር ግማሽ በመቶ ይጨመራል። ለ112 ወር 56 በመቶ ይሆናል።

የጀርመኑ ስሌት ከአሜሪካው ይለያል፤ በነጥብ ነው። የአገሩን አማካይ ደመወዝ ዓመት ሙሉ ያገኘ ሰው አንድ ነጥብ ያገኛል። ጋሼ ወጥ ቤት ውስጥ በዓመት 0.6 ያህል ነበራቸው፤ በአራት ዓመት 2.4 ነጥብ። 56 በመቶ ሲጨመር 3.74 ገደማ። የአንድ ነጥብ ዋጋ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በወር 40.79 ዩሮ ነው። ሲባዛ ወደ 153 ዩሮ። ጭማሪው ባይኖር 98 ዩሮ ገደማ ይሆን ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፣ መዝገቡ በተቃራኒው ከእውነተኛ ዕድሜው አሳንሶ የጻፈው ሰው ደግሞ ጀርመን ላይ እስከዚያው ዕድሜ ድረስ መጠበቁ ነው። ስለዚህ ቁጥራችሁን ዛሬውኑ ተመልከቱ፤ ስድሳ አምስት እስኪሞላችሁ አትጠብቁ።

ማመልከቻውን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ለጀርመን ለብቻው አላመለከቱም። አንዱ አገር ላይ ያቀረቡት ማመልከቻ ለሌላውም አገር እንዲቆጠር ቅጹ ላይ ማመልከት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ለአሜሪካ የገባበት ቀን ለጀርመንም የገባበት ቀን ይሆናል። ወረቀቱ ውቅያኖስ እስኪሻገር ወራት ቢፈጅም ቀኑ አይጠፋም። ያን ሳያመለክቱ የሚፈርሙ አሉ፤ በኋላ ጀርመን ሲያመለክቱ ቀናቸው ከዚያ ይጀምራል። የጋሼ ውሳኔ እስኪመጣ ከዓመት በላይ ፈጀ፤ ሲመጣ ግን ሁለቱም ከመስከረም 2024 ጀምሮ ተከፈለ። አሜሪካ ላይ ሙሉ የጡረታ ዕድሜያቸውም (በ1958 ለተወለደ 66 ዓመት ከስምንት ወር ነው) በዚያው ወር ሞልቶ ነበርና ምንም አልተቀነሰባቸውም።

አሁን ደግሞ ያልተሳካለትን ልንገራችሁ። የጋሼ የወጥ ቤት ባልደረባ የነበረ ሌላ ወንድማችን አለ። እሱም አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወደ አሜሪካ ሄደ። ከሄደ በኋላ አንድ ሰው «የጀርመን ጡረታህን ማስመለስ ትችላለህ» አለው። እውነት ነው፣ ይቻላል፦ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣና እዚህ በፈቃደኝነት መዋጮ የመቀጠል መብት የሌለው ሰው፣ 24 ወር ከጠበቀ በኋላ የተቆረጠበትን መጠየቅ ይችላል። የሚመለሰው ግን ከራሱ ደመወዝ የተቆረጠው ግማሽ ብቻ ነው፤ አሠሪው የከፈለው ግማሽ እዚያው ይቀራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ገንዘቡ ሲወሰድ ወሮቹም ከመዝገብ መውደቃቸው ነው። ያኔ ለአውሮፕላን ቲኬትና ለቤት ዕቃ የሚሆን ገንዘብ ነበር፤ ማን ይፈርድበታል። ዛሬ ግን 34 የአሜሪካ ክሬዲት ይዞ፣ አሜሪካ ጀርመንን ስትጠይቅ የሚመጣው መልስ ዜሮ ወር ነው። የሚደመር ነገር የለውም።

እሱ አገር ቤት ስላልገባ አንድ መውጫ አለው፤ የጎደሉትን ስድስት ክሬዲቶች ሠርቶ መሙላት። በ2025 አንድ ክሬዲት የሚገኘው 1,810 ዶላር ገቢ ሲኖር ነበር። አራቱን ለማግኘት በዓመት 7,240 ዶላር፣ የትርፍ ጊዜ ሥራ ማለት ነው። መጠኑ በየዓመቱ ከፍ ይላል። ጠቅልለው ሊገቡ ላሰቡና አንድ ሁለት ዓመት ለጎደላቸው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ክሬዲታችሁን ቁጠሩ። ሻንጣ ከታሰረ በኋላ 38 መሆኑን ማወቅ ያናድዳል። ታክሲ ለነዱ ወንድሞችም ላስታውስ፣ ለግብር ያልተነገረ ገቢ ክሬዲት አይሆንም። ያኔ የተረፈ የመሰለን ግብር ዛሬ ከጡረታ እየተቆረጠ ነው።

እኅቶቼም እንዳትረሱ። እዚህ ጀርመን ልጅ ወልዳ ያሳደገች እናት፣ ልጁ የተወለደው ከ1992 ጀምሮ ከሆነ ለአንድ ልጅ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በፊት ከሆነ ሁለት ዓመት ተኩል እንደ መዋጮ ይቆጠርላታል። ጥገኝነቷ ገና ያልተወሰነበት ጊዜ ላይ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ መኖሪያ ፈቃድ ከነበራት ግን መብቷ ነው። «እኔ እኮ አሥራ አራት ወር ብቻ ነው የሠራሁት» ያለችኝ እኅት በ1993 የወለደችው ልጅ አላት። 14 እና 36፣ 50 ወር። ከ18 በታች ነኝ ብላ ተስፋ የቆረጠች ሴት 60 ለመሙላት 10 ወር ብቻ ነው የሚቀራት፤ ያም በአሜሪካ ክሬዲቷ ይሞላል። ይህ ግን በራሱ አይመዘገብም፣ ቅጽ ሞልቶ መጠየቅ አለበት። የጀርመን ጡረታ መሥሪያ ቤት የመዋጮ ታሪክ ዝርዝር እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ ዝርዝሩ ላይ የልጆቻችሁ ስም ከሌለ አልተመዘገበም ማለት ነው።

40 ክሬዲት የሞላላችሁስ? እናንተ ለአሜሪካው ስምምነቱ አያስፈልጋችሁም፤ ሙሉውን በራሳችሁ ታገኛላችሁ። ለጀርመኑ ግን ያስፈልጋችሁ ይሆናል። ድሮ የጀርመን ጡረታ ሲጨመር የአሜሪካው ይቀነስ ነበር፣ ብዙዎች በዚህ ፈርተው የጀርመኑን ሳይጠይቁ ቀርተዋል። ያ ደንብ በጥር 5 ቀን 2025 በተፈረመ ሕግ ተሽሯል፤ ከጥር 2024 ጀምሮ ባለው ክፍያ ላይ አይሠራም። የፈራችሁ አትፍሩ። ሜዲኬርን በሚመለከት ግን ስምምነቱ አይረዳም፤ የጀርመን ወር ለአሜሪካ ሕክምና አይደመርም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ጋሼ የሚኖሩት አገር ቤት ነው። ገንዘቡ እዚያ ይከፈላል ወይ? ለጋሼ ይከፈላል፤ የአሜሪካ ዜጋ ስለሆኑ። ግሪን ካርዳቸውን እንደያዙ ዜግነት ሳይወስዱ ቢመለሱ ኖሮ ግን ታሪኩ ሌላ ነበር። የኢትዮጵያ ዜጋ የሆነ ሰው ከአሜሪካ ስድስት ወር ሙሉ ከወጣ በኋላ አገር ቤት ሆኖ ክፍያው እንዲቀጥልለት፣ ወይ 40 የራሱ የአሜሪካ ክሬዲት ሊኖረው፣ ወይ አሜሪካ አሥር ዓመት የኖረ መሆን አለበት። በስምምነት ጡረታ ያገኘ ሰው መጀመሪያውኑ 40 ስላልሞላ ነው ስምምነት ውስጥ የገባው። አሥር ዓመት ካልኖረም በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ተወሰደ ማለት ነው። ፓስፖርት ስለ ፖለቲካና ስለ ስሜት ብቻ ይመስለን ነበር፤ 320 ዶላርም ነው።

ዘጠኙ የማስተማር ዓመታትስ? እነሱ የትም አልተደመሩም። ኢትዮጵያ ከአሜሪካም ከጀርመንም ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ጀርመን ከአፍሪካ ከሞሮኮና ከቱኒዚያ ጋር ተፈራርማለች፤ አንድ የሞሮኮ ሠራተኛ እዚህ የሠራውን ካገሩ ጋር ይደምራል። ለእነሱ የተቻለው ለእኛ ለምን አልተቻለም? ሁሉም ነገር የመንግሥት ጥፋት ነው ማለት አልወድም፤ ስምምነት ሁለት ወገን ይፈልጋል። ነገር ግን በየዓመቱ ዲያስፖራ ስንት ዶላር ላከ ብሎ የሚቆጥር መንግሥት፣ ከሚልከው ሰው ላይ ስንት ዓመት ተቆርጦ እንደቀረ ቆጥሮ አያውቅም። ኑ፣ ተመለሱ፣ መሬት አለ፣ ባንክ አለ ይባላል። ጋሼ የተመለሱት ማንም ሳይጠራቸው ነው። ለትምህርት ቤት ልጆች የሰጧት ዘጠኝ ዓመት ግን በአንድ ዓመት ጎድላ ፋይል ውስጥ ተቀምጣለች። ሠላሳ ሁለት የአሜሪካ ክሬዲት አርባ ሲሆን ያዩ ሰው፣ ዘጠኝ ለምን አሥር እንደማይሆን ቢጠይቁኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ጋሼ አሁን ሁለት ቦታ በሕይወት መኖራቸውን ያስመሰክራሉ። ጀርመን በየዓመቱ የሕይወት ማረጋገጫ ቅጽ ትልካለች፤ አሜሪካ ደግሞ ውጭ ለሚኖሩት ኤስ ኤስ ኤ 7162 የሚባለውን ትልካለች። ሳይመለስ ከቀረ ክፍያው ይቆማል። ቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር የሚኖር ሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ማስመዝገብ አለበት፤ የጋሼ የመጀመሪያው የጀርመን ቅጽ ለጎረቤት ሱቅ ደርሶ ሁለት ወር መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ነበር የተገኘው። ፈርመው፣ በማኅተም አስረግጠው ልከዋል፤ የሚቀጥለው እስኪመጣ እሳቸውም እኔም ቀን እየቆጠርን ነው።

እኔ ከዚህ በላይ ሰዓት አልወስድም። ጥያቄ ያላችሁ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከኋላ እጃቸውን ያነሡትን እናት ላስቀድም።